የተዘነጋው አራተኛ ክፍል

ከባጋቫድ ጊታ 700 ጥቅሶች አብዝተው ከሚጠቀሱት አንዱ ምዕራፍ 2 ቁጥር 47 ነው። የሚጠቀሰው ግን ተቆርጦ ነው፤ «ሥራህን ሥራ፣ ስለ ውጤቱ አትጨነቅ» የሚል ምክር ሆኖ ይቀራል። በዚህ አነባበብ የጥቅሱ ስለት የደነዘዘ ይመስለኛል።

ጥቅሱ እያንዳንዳቸው ስምንት ቀለም ያላቸው አራት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው የጦረኛው አርጁና ድርሻ ሥራው ብቻ መሆኑን፣ ሁለተኛው ፍሬው የእሱ እንዳልሆነ ይናገራል። ሦስተኛው ፍሬን መነሻው እንዳያደርግ ያስጠነቅቀዋል። አራተኛው ደግሞ ሥራን በመተው ልቡ እንዳይጠመድ ይከለክለዋል። ሰው የሚዘነጋው ይህን የመጨረሻውን ነው፤ ለእኔ ግን የጥቅሱ ክብደት ያለው እዚሁ ነው።

አርጁና በምን ሁኔታ ላይ እንደነበር እንይ። ሠረገላው በሁለቱ ሠራዊት መካከል ቆሟል፤ በተቃራኒው ወገን አያቱ ብሂሽማና መምህሩ ድሮና ተሰልፈዋል። ቀስቱን ጥሎ ተቀመጠ። ድልም መንግሥትም አልሻም፣ መምህሮቼን ከምገድል ለምኜ ብበላ ይሻለኛል አለ። እንግዲህ ይህ ሰው ፍሬ የጓጓ አይደለም። ጥቅሱ በሦስተኛው ክፍል ቢያበቃ ኖሮ አርጁና «ፍሬውንማ ትቻለሁ፤ ስለዚህ ልሂድ» ብሎ በተነሣ ነበር። አራተኛው ክፍል ይህን በር ይዘጋበታል። እምቢታው ራሱ በስሌት የቆመ ነበርና፦ ብዋጋ ኃጢአት ይሆንብኛል፣ ቤተሰብ ይፈርሳል ብሎ ውጤቱን አስልቷል። ንጹሕ ሆኖ የመቅረት ምኞትም ፍሬ ነው።

ጥቅሱን የሚነግረው ክሪሽናም ቢሆን ከአሥር ጥቅስ በፊት ብትሞት ሰማይን፣ ብታሸንፍ ምድርን ታገኛለህ ብሎት ነበር። ወዲያው በሚቀጥለው ጥቅስ ግን ትርፍና ኪሳራን እኩል እንዲያይ ያዘዋል። ንግግሩ ከሽልማት ተነሥቶ ሽልማቱን ወደ መተው ይሻገራል፤ ቁጥር 47ን ነጥሎ የሚያነብ ሰው ይህን ጉዞ አያየውም።

የጊታ ተንታኙ ሻንካራ ጥቅሱን ለዕውቀት መንገድ ገና ላልበቃ ሰው የተሰጠ መመሪያ አድርጎ ተረጎመው። ቲላክ ግን በማንዳላይ እስር ቤት በጻፈውና በ1915 በታተመው ጊታ ራሃስያ አራቱ ክፍሎች እርስ በርስ እንደሚሟሉ አሳይቷል። እዚህ ላይ ከቲላክ ጋር ነኝ። ጋንዲም ፍሬን መተው ለውጤት ግድ ማጣት እንዳልሆነ፣ ሠሪው ምን እንደሚከተል ማወቅ እንዳለበት አጥብቆ ተናግሯል።

ይህን ሁሉ ብዬም አንድ ነገር ይከብደኛል። ጥቅሱ እንዴት እንደሚሠራ እንጂ ምን እንደሚሠራ አይናገርም። የአርጁና ግዴታ የመጣው ከቁጥር 31 ነው፤ ክሻትሪያ ሆኖ ስለተወለደ መዋጋት ተገባው። አምቤድካር ጊታን የአራቱ መደቦች ሥርዓት ጠበቃ ብሎ የከሰሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ግዴታውን ማን እንደሰጠው ያልጠየቀ ሰው ፍሬውን እንዲተው ሲነገረው፣ የሚጠቀመው ፍሬውን የሚሰበስበው ሌላ ሰው ነው።