ትሕትናና ድብስብስነት፦ በማመልከቻ አማርኛ የጥያቄ ዐረፍተ ነገር አቀራረጽ

በእንጅባራና በዳንግላ ለሚገኙ ጽሕፈት ቤቶችና ፍርድ ቤቶች በአማርኛ የሚጻፍ ማመልከቻ እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል ሁሉ የታወቀ አወቃቀር አለው፤ አድራሻው፣ ጉዳዩ፣ የፍሬ ነገሩ ዝርዝርና የመጨረሻው ጥያቄ በቅደም ተከተል ይቀመጣሉ። ከእነዚህ መካከል ባለጉዳዩ የሚፈልገውን የሚያገኘው በመጨረሻው ክፍል ሆኖ ሳለ፣ ከሌሎቹ ይልቅ ተድበስብሶ የሚጻፈውም እርሱ ነው። ለማሳያ ያህል የተዘጋጀው የሚከተለው ዐረፍተ ነገር በዳንግላ ዙሪያ የእርሻ ድንበሩ የተገፋበት ሰው ለወረዳው የገጠር መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሊያቀርበው የሚችለውን ዓይነት ጥያቄ ይወክላል፦ «በይዞታዬ ላይ ችግር ስለተፈጠረብኝ፣ ጉዳዩ ታይቶ ቢቻል አስፈላጊው መፍትሔ እንዲሰጠኝ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ።»

ይህ ዐረፍተ ነገር በሦስት መንገድ ይደበዝዛል። የመጀመሪያው ተገብሮ ግሥ ነው፤ ተገብሮ የሚባለው ድርጊቱን የፈጸመው ወይም የሚፈጽመው አካል ሳይጠቀስ፣ ድርጊቱ የሚደርስበት ነገር የግሡ ባለቤት የሚሆንበት አነጋገር ነው። «ታይቶ» እና «እንዲሰጠኝ» በሚሉት ግሦች ውስጥ የሚያየውም የሚሰጠውም አካል አልተነገረም፤ ስለዚህ ማመልከቻው ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲመራ ሥራው የእኔ ነው የሚል አይገኝም። ሁለተኛው «ቢቻል» የሚለው ማለሳለሻ ሲሆን፣ ተቀባዩ ጥያቄውን ከመመለሱ በፊት እምቢታውን ይፈቅዳል። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከፋው «አስፈላጊው መፍትሔ» የሚለው ሐረግ ነው፤ አስፈላጊውን የሚወስነው ተቀባዩ ስለሚሆን፣ የቃል ምክር ሰጥቶ ባለጉዳዩን ማሰናበትም መፍትሔ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል።

ማስተካከያው ትሕትናውን ሳይነካ ሊከናወን ይችላል፦ «ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ልኮ፣ በይዞታ ማረጋገጫ ደብተሬ ላይ የተመዘገበውን መሬት ምሥራቃዊ ድንበር፣ በዚያ በኩል አዋሳኜ የሆነው ሰው ባለበት እንዲለካልኝና ውጤቱን በጽሑፍ እንዲሰጠኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።» አክብሮቱ «በትሕትና እጠይቃለሁ» በሚለው መዝጊያ ውስጥ እንዳለ ቀርቷል፤ የተለወጠው አድራጊው መታወቁ፣ ቦታው መለየቱና የሚጠበቀው ውጤት መሰየሙ ነው። የአንድ ጥያቄ ጥራት የሚፈተነውም በዚሁ ነው፤ ከአንድ ወር በኋላ ማመልከቻውን የሚያነብ ሦስተኛ ሰው፣ የተጠየቀው ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም ብሎ ያለ ማብራሪያ መመለስ ከቻለ ጥያቄው ግልጽ ነው፤ ካልቻለ ግን የጎደለው አድራጊው፣ ድርጊቱ ወይም መለኪያው ነው።

በፍርድ ቤት ድብስብስነት የሚያስከፍለው ዋጋ ከፍ ይላል። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከሳሽ የሚጠይቀውን ዳኝነት በግልጽ እንዲያመለክት ያዛል፤ ዳኝነት ማለት እዚህ ላይ ከሳሽ ፍርድ ቤቱ እንዲወስንለት የሚፈልገው ነገር ነው። ፍርድ ቤት ባልተጠየቀ ነገር ላይ ፍርድ ስለማይሰጥ፣ «ተገቢው ዳኝነት ይሰጠኝ» ብሎ የሚያበቃ ክስ ከሳሹ መሬቱን ማስመለስ፣ ኪሣራ ማግኘት ወይስ ሁለቱንም እንደሚፈልግ ሳይናገር ይቀራል። «ተከሳሽ በክሱ የተገለጸውን መሬት ለቆ እንዲያስረክበኝ ይወሰንልኝ» የሚለው ግን ውሳኔው በኋላ ሲፈጸም ማን ምን ማድረግ እንዳለበት አስቀድሞ ያመለክታል።

ሆኖም ተገብሮን ሁሉ ማውገዝ ስሕተት ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ላይ ተመሥርቶ የሚቀርበው «ሁከት ይወገድልኝ» የሚለው የታወቀ ክስ በተገብሮ የተቀረጸ ቢሆንም አይደበዝዝም፤ ሁከቱን የፈጠረው ሰው በተከሳሽነት ስለተጠራ፣ የሚወገደውም የይዞታ ሁከት በሕግ የታወቀ ስለሆነ፣ አድራጊው ከግሡ ቢጠፋም ከክሱ አልጠፋም። በተመሳሳይ ሁኔታ የድንበር ምልክቱን የነቀለው ሰው ካልታወቀ «ምልክቱ ተነቅሏል» ማለት ትክክለኛ አጻጻፍ ነው፤ ጎረቤትን በግምት መወንጀል ግልጽነት አይባልም።

ማለሳለሻ ቃላትም እንዲሁ ቦታ አላቸው። «ይመስለኛል» ወይም «ሳይሆን አይቀርም» የሚሉት አመልካቹ በዓይኑ ያላየውን ነገር ሲተርክ የሚያስፈልጉ የሐቀኝነት ምልክቶች ናቸው፤ ቢወገዱ ግምት እንደ ምስክርነት ይቆጠራል። ስለዚህ ጸሐፊው የእርግጠኝነቱን መጠን በፍሬ ነገሩ ክፍል መግለጽ፣ በጥያቄው ክፍል ግን የሚፈልገውን ያለ ጥርጣሬ መናገር ይገባዋል፤ ድንበሩን ማን እንደገፋው ማወቅ የማይችል ሰው እንኳ ድንበሩ እንዲለካለት እንደሚፈልግ በእርግጠኝነት ያውቃልና።