የምትቀረው ፍርፋሪ

ሰሞኑን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሻይ ይዘን እንደተቀመጥን፣ ዘንድሮ የተመደበልን ወጣት የሒሳብ መምህር «ጋሼ» አለኝ፤ «አሥራ ሁለተኛ ክፍል ቸኮሌት ይዘው ይገባሉ ሲሉ ሰማሁ። የጂኦሜትሪክ ሲሪስ ድምር እኮ በሦስት መስመር ይወጣል። ለምን አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ይፈጁበታል?»

ሦስቱን መስመሮች አውቃቸዋለሁ። ድምሩን S ብለን እንሰይማለን፣ በውድሩ እናባዛዋለን፣ ከመጀመሪያው እንቀንሳለን፤ ተከታዮቹ ሁሉ ተጠፋፍተው S = a/(1 − r) ይቀራል። ቆንጆ ዘዴ ነው። በእሱ መጀመርን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ያን ቀን በሻይ ብርጭቆው አጠገብ ወረቀት ዘርግቼ 1 + 2 + 4 + 8 + … ብዬ ጻፍኩለትና «በዘዴህ ሥራው» አልኩት። ከመጀመሪያው 1 በኋላ ያለው ሁሉ የራሱ የ S እጥፍ ነው፤ ስለዚህ S = 1 + 2S፣ ስለዚህ S = −1። እያደጉ የሚሄዱ ቁጥሮች ተደምረው ከዜሮ በታች ወረዱ ማለት ነው።

«r ከ 1 ማነስ አለበት እኮ!» አለኝ። አዎ፣ አለበት። ግን ከሦስቱ መስመሮች ይህን የሚነግረን የትኛው ነው? አንዱም አይነግረንም። ዘዴው S የሚባል ቁጥር መኖሩን ገና ከመጀመሪያው አምኖ ይነሳል፤ ቁጥሩ ከሌለ የምንቀንሰው ነገርም የለም። ተማሪው ገደቡን እንደ ትእዛዝ ይሸመድደዋል፤ ፈተና ላይ ሲረሳው መልሱ ስህተት መሆኑን የሚያይበት መንገድ የለውም።

ቸኮሌቱ የሚመጣው ለዚህ ነው። 100 ግራም የሚመዝን አንድ ቸኮሌት እይዛለሁ (በጾም ወራት በዳቦ እተካዋለሁ)። ግማሹን ቆርሼ ለአንድ ተማሪ እሰጣለሁ፤ እጄ ላይ 50 ግራም ይቀራል። የቀረውን ደግሞ ለሁለት፣ 25። ከዚያ 12.5። ብዙ መምህራን እዚህ ላይ ተማሪውን «እስካሁን ስንት ተበላ?» ብለው ይጠይቁና ክፍልፋይ ማስደመር ውስጥ ይገባሉ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ «እጄ ላይ ስንት ቀረ?» የተበላውን መደመር አድካሚ ነው፤ የቀረውን ማወቅ ግን ቀላል ነው። ከ n ቆረሳ በኋላ የቀረው 1/2ⁿ ነው፤ የተበላው ደግሞ 1 − 1/2ⁿ። ትምህርቱ በሙሉ የሚገኘው በዚህ ቅነሳ ውስጥ ነው።

ሁልጊዜም አንድ ልጅ እጁን ያወጣል። «ቲቸር፣ አያልቅም እኮ። ሁሌም ፍርፋሪ ይቀራል።»

እኔም በእሱ ዕድሜ ይህንኑ ጠይቄ ነበር። መምህሬ «ማለቂያ ስለሌለው መጨረሻ ላይ ያልቃል፤ ተቀመጥ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ማለቂያ የሌለው ነገር መጨረሻ ላይ እንዴት እንደሚያልቅ ግን ሊገባኝ አልቻለም፤ ችግሩም የእኔ አእምሮ ይመስለኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የሊሚትን ትርጉም ጥቁር ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ሳይ ነው ልክ እንደነበርኩ የገባኝ። ቸኮሌቱ ያልቃል ያለ የሒሳብ ሰው የለም። ያን ቀን የተሰማኝ እፎይታ አሁንም ከውስጤ አልወጣም፤ መምህር የሆንኩትም ከዚያ ቀን የተነሳ ይመስለኛል።

ስለዚህ ልጁን «ልክ ነህ፣ ይቀራል» እለውና ጨዋታ እንጀምራለን። እሱ መጠን ይጠራል፤ እኔ ስንት ጊዜ ብቆርስ ፍርፋሪው ከዚያ መጠን በታች እንደሚወርድ እናገራለሁ። «አንድ ግራም!» ይላል። ሰባት፤ 100 ለ 128 ሲካፈል 0.78 ግራም ገደማ ነው። «የግራም አንድ አሥረኛ!» አሥር፤ 2¹⁰ ማለት 1024 ነውና። «የግራም አንድ ሺኛ!» አሥራ ሰባት። ልጁ መጠኑን ይበልጥ እያሳነሰ ይሄዳል፤ እኔም መልስ አላጣም። ፍርፋሪው አንዴ ካነሰ በኋላም ተመልሶ አያድግም። ክፍሉ ይህን ሲያይ ልጁ የጠራትን መጠን ኢፕሲሎን፣ የእኔን መልስ ደግሞ N ብዬ ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ። «ድምሩ 1 ነው» ማለት ይኸው ነው፦ ከዜሮ የሚበልጥ የትኛውም ኢፕሲሎን ቢጠራ፣ ከሆነ N በኋላ በድምሩና በ 1 መካከል ያለው ርቀት ሁልጊዜ ከእሱ ያንሳል። መጨረሻ ላይ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ቦታ የለውም፤ ትርጉሙ መጨረሻን አይጠራም።

ከዚህ በኋላ ቀመሩ ይመጣል። የመጀመሪያዎቹ n ቁጥሮች ድምር a(1 − rⁿ)/(1 − r) ነው፤ ይህን በወጣቱ መምህር ዘዴ ማውጣት ምንም ነውር የለበትም፤ ቁጥሮቹ የተቆጠሩ ስለሆኑ S መኖሩ አያጠራጥርም። ፍርፋሪው a·rⁿ/(1 − r) ነው። የሚቀረው ሥራ rⁿ ወደ ዜሮ መቅረቡን ማሳየት ብቻ ነው። r አዎንታዊ ሆኖ ከ 1 ካነሰ 1/r = 1 + h ብለን እንጻፍ፤ h ከዜሮ ይበልጣል፣ (1 + h)ⁿ ደግሞ ቢያንስ 1 + nh ነው። ስለዚህ rⁿ ከ 1/(1 + nh) አይበልጥም። በየጊዜው አንድ አሥረኛ ብቻ ለሚቆርስ ስስታም r = 9/10፣ h = 1/9 ነው። የቀረው ከቸኮሌቱ አንድ ሺኛ በታች እንዲሆን ይህ ስሌት 9 ሺህ ያህል ቆረሳ ያስጠራናል፤ በእውነቱ 66 ይበቃል። ተማሪዎች በልዩነቱ ይደነግጣሉ። ግን N ይኑር እንጂ ትንሹ N ይሁን ያለን የለም።

ቸኮሌት የሚያሳስትበት ቦታም አለ። ልጆቹ «ቁራሹ እያነሰ ከሄደ ቸኮሌቱ ይበቃል» ብለው ይወጣሉ። ስለዚህ ከቸኮሌቱ ግማሹን፣ ቀጥሎ የሙሉውን ሢሶ፣ ቀጥሎ የሙሉውን ሩብ እንዲቆርሱ እጠይቃቸዋለሁ። ቁራሾቹ ያንሳሉ፤ ሦስተኛው ላይ ግን ድምሩ 13/12 ሆኖ ቸኮሌቱ አልበቃም። የጂኦሜትሪኩ ልዩነት ቁራሹ የሚሰፈረው ከቀረው ላይ መሆኑ ነው።

ወጣቱ መምህር ይህ ሁሉ የዘመናችን ጥንቃቄ መስሎት ነበር። በተቆጠሩ ቁጥሮች ድምር ሊሚት የሚገለጸውን ትርጉም ኮሺ በ1821 በመጽሐፉ አስፍሮታል፤ እውነት ነው። ነገር ግን አርኪሜዲስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዘመን፣ ፓራቦላ የከበበውን ስፋት ሲለካ፣ 1 + 1/4 + 1/16 እያለ ከሄደ በኋላ የሆነ ቦታ ላይ ቆሞ የመጨረሻውን ቁጥር ሢሶ ጨመረበት፤ ድምሩ ልክ 4/3 ሆነ። 1 + 1/4 + 1/12 ብላችሁ ሞክሩት። ያ የተጨመረው ሢሶ ፍርፋሪው ነው። አርኪሜዲስ አልደበቀውም፤ ስሌቱ ውስጥ አስቀመጠው።

ይህን የምታነቡ መምህራን፣ አንድ ልጅ ተነስቶ «ፍርፋሪ ይቀራል» ሲላችሁ አታስቀምጡት። ጠመኔውን ስጡትና የቀረውን ሰሌዳው ላይ ይጻፈው።