ድምሩ ልክ ነው፤ ድርሻውስ?

የኤክሴል ፋይሉ ሳይላክ የፒቮት ቴብሉ ስክሪንሾት ብቻ በቴሌግራም ይደርሳችኋል። ከሥሩ «ትልቁን ድርሻ የያዘው ጊምቦ ነው» የሚል አንድ መስመር አለ። ታምናላችሁ? እኔ በዚህ ዓይነቱ ሪፖርት ላይ ቅሬታ አለኝ። ቅሬታዬን ለማሳየት ከካፋ ዞን ሦስት ወረዳዎች የተገዛ ቡናን የሚያሳይ ሠንጠረዥ አዘጋጅቻለሁ። ወረዳዎቹ እውነተኛ ናቸው፣ ቁጥሮቹን ግን ለማሳያ ያህል እኔው የፈጠርኳቸው ናቸው።

```
Row Labels     Sum of ኪሎ
ጊምቦ             57,000
   እሸት          42,000
   ጀንፈል         15,000
ዴቻ              28,000
   እሸት           6,000
   ጀንፈል         22,000
ደቻ              10,000
   ጀንፈል         10,000
ጨና              30,000
   እሸት           9,000
   ጀንፈል         21,000
Grand Total    125,000
```

መጀመሪያ ራስጌውን እዩ። `Sum of` ካለ ኪሎው ተደምሯል። `Count of` ካለ ግን የተቆጠረው ደረሰኝ እንጂ ኪሎ አይደለም። ኤክሴል በዓምዱ ውስጥ እንደ ጽሑፍ የገባ ቁጥር ሲያገኝ ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ወደ መቁጠር ይሄዳል። `Row Labels` አጠገብ የማጣሪያ ምልክት፣ ማለትም ትንሽ ማንቆርቆሪያ የምትመስል ሥዕል ካለች ደግሞ የተደበቀ ወረዳ ሊኖር ይችላል። ጠቅላላ ድምሩም የሚታየውን ብቻ ነው የሚደምረው።

ቀጥሎ ንዑስ ድምሮቹን አጣሩ። በዚህ አቀራረብ ንዑስ ድምሩ የሚቀመጠው ከዝርዝሩ በላይ፣ ከወረዳው ስም ጎን ነው። ጊምቦ 42,000 ሲደመር 15,000፣ 57,000፤ ልክ ነው። የሌሎቹም ይገጥማል። አራቱን ንዑስ ድምሮች ስትደምሩ 125,000 ይመጣል። እናንተ ደምራችሁ 250,000 ካገኛችሁ አትደንግጡ፤ ልክ እጥፍ መሆኑ ራሱ ምልክት ነው፣ ንዑስ ድምሩንም ዝርዝሩንም አብራችሁ ደምራችኋል ማለት ነው።

እስካሁን ሒሳቡ ንጹህ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። 57,000ን ለ125,000 አካፍሎ 45.6 በመቶ ያገኛል፤ ጊምቦ አንደኛ፣ ጨና በ24 በመቶ ሁለተኛ ይላል። የኔ ቅሬታ የሚጀምረውም እዚሁ ነው፤ ድምር መግጠሙ ምድቡ ትክክል መሆኑን አያረጋግጥም።

«ዴቻ»ንና «ደቻ»ን እዩ። ለእኛ አንድ ወረዳ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ደረሰኙን የመዘገቡት ሁለት ሰዎች በየራሳቸው አጻጻፍ ስላስገቡት የአንዱ ወረዳ ቡና ለሁለት ተከፈለ። ጠቅላላ ድምሩ በዚህ ምንም ስለማይነካ ማጣሪያችሁ አይዘውም። ሁለቱን ስታዋህዱ ዴቻ 38,000 ይሆንና በ30.4 በመቶ ጨናን ይቀድማል።

የባሰው ግን የኪሎው ነገር ነው። እሸት ቡና ውኃና ሥጋ ያለው ቀይ ፍሬ ነው፤ አንድ ኪሎ ንጹህ ቡና ለማግኘት በግምት 6 ኪሎ እሸት ያስፈልጋል። ጀንፈል ከነልባሱ የደረቀ በመሆኑ 2 ኪሎ ገደማ ይበቃዋል። ሁለቱን በአንድ ዓምድ መደመር በግና ዶሮን «ስንት ራስ» ብሎ እንደመቁጠር ነው። ስለዚህ እሸቱን ለ6፣ ጀንፈሉን ለ2 አካፍሉ። ጊምቦ 7,000 ሲደመር 7,500፣ 14,500 ይሆናል። ዴቻ 1,000 ሲደመር 16,000፣ 17,000። ጨና 1,500 ሲደመር 10,500፣ 12,000። ጠቅላላው 43,500 ኪሎ ንጹህ ቡና ነው። አሁን ዴቻ በ39.1 በመቶ አንደኛ ሆነ፣ ጊምቦ ወደ 33.3 ወረደ፣ ጨና 27.6 ያዘ።

ይህ ልዩነት በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። እሸት በተለቀመ በአንድ ቀን ገደማ መፈልፈል አለበት፤ ስለዚህ እሸት የሚሸጠው ማጠቢያ ጣቢያ የቀረበው ገበሬ ነው። ከመንገድ የራቀው በአልጋ ላይ አድርቆ ጀንፈል ይሸጣል። ያ ሠንጠረዥ እንግዲህ ሳያውቀው ለመንገድ ዳሩ ገበሬ አዳልቷል። መጋዘን ወይም መኪና በዚያ ድርሻ ልክ ቢመደብ የሚጎዳው የሩቁ ነው።

የኔ ማካፈያም ግምት ነው። የፍሬው እርጥበትና ጥራት ያዛንፈዋል፤ ለምሳሌ ለእሸቱ 6 በማለት ፈንታ 5 ብትወስዱ ጊምቦ 15,900፣ ዴቻ 17,200 ይሆናሉ። ልዩነቱ ይጠባል፣ ቅደም ተከተሉ ግን አይለወጥም።

ስክሪንሾት የሚያሳጣን ትልቁ ነገር ይኸው ነው። በፋይሉ ላይ ቢሆን 10,000 የሚለውን ሁለቴ ጠቅ ስታደርጉ ከጀርባው ያሉት ደረሰኞች በአዲስ ገጽ ይዘረዘራሉ፤ ሥዕል ላይ ግን ጠቅ ብታደርጉ የሚሰፋው ሥዕሉ ብቻ ነው። ፋይሉን ጠይቁ። ፋይሉ ካልመጣ፣ ድርሻውን ከመጻፋችሁ በፊት ላኪውን ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ይህ ኪሎ የእሸት ነው የጀንፈል? የወረዳውን ስም የመዘገበውስ አንድ ሰው ነው?