«አረፉ» ወይስ «ሞቱ»?

በቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ሲጻፍ፣ ክብር ያለው ከባድ ቃል ውስጥ ነው በሚል እምነት ብዙ ጊዜ ይበላሻል። ጸሐፊው «ሞቱ» የሚለውን ጥሎ «አረፉ» ይላል፤ እሱም ቀለል ሲልበት «ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ» ይላል፤ «ሬሳ»ን በ«አስከሬን»፣ «ቀብር»ን በ«ግብዓተ መሬት» ይለውጣል። እኔ ግን ቃላቱን የማያቸው በሥራቸው ነው። የማዕረጉ ቃል ሟቹን በሚያሰናብት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያምራል፤ የሆነውን፣ የት እንደሆነና መቼ እንደሆነ ለሚነግር ዓረፍተ ነገር ግን የዘወትሩ ቃል ይበልጣል።

«አረፈ»ን እንይ። «አቶ እገሌ ትናንት ማታ ሐዋሳ አረፉ» ቢባል፣ ሰውየው ሐዋሳ አድረው ይሁን ሞተው ሰሚው አያውቅም፤ እንግዳም ያርፋል፣ አውሮፕላንም ያርፋል። ቃሉ ለሞት ሲውል ከቤተ ክርስቲያን ያመጣው ትርጉም አለው። ስንክሳር የቅዱሳንን መሞት በዕረፍት ይናገራል፤ ከድካም በኋላ የሚገኝ ዕረፍት ማለት ነው። ስለዚህ «አረፉ» ስንል ሞትን ብቻ ሳይሆን ስለ ሞት ያለንን እምነትም እየተናገርን ነው። ፍትሐት ላይ ይህ ትክክለኛ ቃል ነው። «በወሊድ ምክንያት የሚያርፉ እናቶች» ብሎ የሚጽፍ የጤና ባለሙያ ግን የለም፤ «የሚሞቱ እናቶች» ነው የሚለው። ጆሯችን ይህን የሚቀበለው እናቶቹን ስለናቀ አይደለም። እዚያ እንዲነገር የሚፈለገው መከላከል የሚቻል ሞት መሆኑ ነው፣ «ዕረፍት» ደግሞ ያንን ይሸፍነዋል። «በመኪና አደጋ አረፉ» ሲባል የሚሻክረን በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

«ስለ ታላቅ ሰው ሞቱ ማለት ነውር ነው» የሚሉ አሉ። ሐሳቡ ከጨዋነት የመጣ ነውና ሊመለስለት ይገባል። አማርኛ አክብሮትን በዋናነት የሚያስቀምጠው በግሱ መጨረሻ ላይ ነው። «አቶ እገሌ አረፈ» እና «አቶ እገሌ ሞቱ» የሚሉትን ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቧቸው፤ የማዕረግ ቃል የያዘው የመጀመሪያው ቢሆንም የሚያዋርደው እሱ ነው። ሁለተኛው ተራ ቃል ይዞ አክብሮቱን አላጎደለም። «ሐዘንተኛውስ አይጎዳም ወይ?» የሚለው ግን እውነት አለው ብዬ እቀበላለሁ። መርዶ በሚነገርበት ሰዓት ለእናት «ልጅሽ ሞተ» ብሎ የሚጀምር ሰው አይኖርም፤ አይገባምም። ያ ግን አፍ ለአፍ የሚነገር፣ ለቅሶው ራሱ ነገሩን የሚያስረዳበት ጊዜ ነው። የጽሑፍ አንባቢ እንዲህ ያለ ረዳት የለውም።

የማዕረግ ቃል ሌላም ጠባይ አለው፤ ብቻውን አይመጣም፣ የራሱን ግስና የራሱን ሰዋስው ያስከትላል። እንዲህ የሚል ማስታወቂያ እንውሰድ፦ «የወይዘሮ እገሊት ሬሳ የግብዓተ መሬት ቀብር ሥነ ሥርዓት ነገ በ6 ሰዓት ይቀበራል።» ግብዓተ መሬት «ወደ መሬት መግባት» ማለት ስለሆነ ቀብሩ ቀድሞ ውስጡ አለ፤ አንዱ ነገር ሁለት ጊዜ ተጠርቷል። ከዚያ ሥነ ሥርዓቱ ራሱ የሚቀበር ሆኗል፤ ሰው ይቀበራል፣ ግብዓተ መሬት ግን ይፈጸማል። «ሬሳ»ም የመጣው ከዘወትሩ ንግግር ነው፤ ከ«ቀብር» ጋር ተስማምቶ ይኖራል፣ «ግብዓተ መሬት» አጠገብ ሲቀመጥ ግን ይጎረብጣል። እኔ ብሆን ለሁለት እከፍለዋለሁ። ለማስታወቂያው፦ «ወይዘሮ እገሊት አርፈዋል፤ ቀብራቸው ነገ በ6 ሰዓት ነው» ብዬ የቤተ ክርስቲያኑን ስም እጨምራለሁ። እዚህ «አርፈዋል» የሚያሻማው ነገር የለም፣ «ቀብራቸው» ተከትሎታልና። ለሕይወት ታሪኩ መዝጊያ ደግሞ፦ «ግብዓተ መሬታቸው ቤተሰቦቻቸውና ወዳጆቻቸው በተገኙበት ይፈጸማል።» ቀባሪው ሰዓቱን ከመጀመሪያው ያገኛል፣ ሟቿ በሁለተኛው ይሰናበታሉ።

«አስከሬን» ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ ክብር ያለው ቢመስልም የቢሮም ቃል ነው። ሐኪም ቤት «የአስከሬን ምርመራ» ይላል፣ ፖሊስም ይጽፈዋል። ስለዚህ በሕይወት ታሪክ ውስጥ ሲደጋገም ሽኝት መሆኑ ይቀርና ሪፖርት ይመስላል። በ«አስከሬናቸው» ፈንታ «እሳቸው» ማለት ከተቻለ ያ ይሻላል። ሟቹ ሙስሊም ከሆኑ ደግሞ ከግእዝ የመጣው የማዕረግ ቃል ሁሉ ቦታውን ይስታል፤ የእነሱ የማዕረግ ቃል «ወደ አኼራ ሄዱ» እና «ጀናዛ» ነው፣ «ግብዓተ መሬት» ቢባል የሌላ ቤት ሥርዓት ይሆንባቸዋል። «ቀብር» ግን በግእዝም በዓረብኛም ሥሩ አንድ ነውና፣ በመስጊዱም በቤተ ክርስቲያኑም ደጅ ያለ ጥያቄ ይገባል።