ኤክሱ ምርጫ ነው ወይስ ስረዛ?

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ከጀሞ እስከ ሳሪስ ባሉ መሥሪያ ቤቶች የሚሞሉ የወረቀት ቅጾች፣ በአንድ ገጽ ላይ ሦስት ዓይነት የመልስ አሰጣጥ ሲቀላቅሉ ማየት የተለመደ ነው። አንዱ ጥያቄ «በሳጥኑ ውስጥ የ√ ምልክት ያድርጉ» ይላል። ሌላው «ትክክለኛውን ቁጥር ያክብቡ» ይላል። ከታች ደግሞ «ወንድ/ሴት» ተብሎ ታትሞ «የማያስፈልገውን ይሰርዙ» የሚል ትእዛዝ ይከተላል። ወረቀቱ ስካን ተደርጎ መልሶቹ ወደ ሰንጠረዥ ይግቡ ሲባል፣ ሥራውን የሚይዘው ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት በመቶ ከጠቆረ ነው ሳጥኑ ተመርጧል የምንለው?» ብሎ ነው። የእኔ ክርክር ይህ ጥያቄ ቦታውን ስቷል የሚል ነው። ስህተቱ የሚበዛው ቀለሙን በመለካት ላይ አይደለም፤ ቀለሙን እየለካን እዚያው ላይ ትርጉሙንም ስንወስን ነው። ወረቀቱ ላይ ምን ዓይነት ጭረት አለ የሚለውና ሰውየው ምን መለሰ የሚለው ለየብቻ ሊሠሩና ለየብቻ ሊመዘገቡ ይገባል።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ የኤክስ ምልክት ነው። ሰኔ 14 ቀን 2013 በተካሄደው ስድስተኛው አገር አቀፍ ምርጫ፣ መራጩ በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ምርጫውን የሚያሳየው ኤክስ በማድረግ ወይም በጣት አሻራ ነበር። ያው መራጭ ግን በተማሪነቱ ደብተሩ ላይ ኤክስ ሲያይ የኖረው መልሱ ሲሳሳት ነው፤ ትክክል ሲሆን የሚያገኘው ራይት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ቅጽ ሲሞላ በሳጥን ውስጥ ኤክስ ቢያስቀምጥ «ይህ ነው» ማለቱም «ይህ አይደለም» ማለቱም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ልማድ እጁ ላይ አለ። ያንን አንድ ሳጥን ብቻ ቆርጦ በማየት መወሰን አይቻልም፣ ምስሉ የቱንም ያህል ጥራት ቢኖረው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ጎኑ 4 ሚሊሜትር የሆነ ሳጥን በ300 ዲፒአይ ስካን ሲደረግ ወደ 47 ፒክስል ይሆናል። የታተመው ጠርዝ እንዳይቆጠር ከዳር ዳር ትንሽ ስንተው 40 በ40፣ ማለትም 1600 ፒክስል ይቀረናል። የተለመደው እስክሪብቶ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ይጽፋል፤ ይህ 6 ፒክስል ውፍረት ነው። በሳጥኑ ውስጥ 50 ፒክስል የሚሮጥ ራይት 300 ፒክስል ያህል ይሸፍናል፤ 19 በመቶ መሆኑ ነው። ከጥግ እስከ ጥግ የተሠራ ኤክስ 40 በመቶ ይደርሳል። ተደጋግሞ የተጫረና የተደፈነ ሳጥን ከ70 በመቶ ያልፋል። ባዶው ሳጥን በአቧራና በጠርዝ ቅሪት 1 ወይም 2 በመቶ ያሳያል። ጭራው ብቻ ሳጥኑን የነካ ረጅም ራይት ደግሞ ከ10 በመቶ በታች ሊቀር ይችላል።

አሁን የመጠጥ ውኃ ምንጭን የሚጠይቅና አምስት ሳጥን ያለው አንድ ጥያቄ እናስብ፦ የግቢ ቧንቧ፣ ቦኖ፣ የጉድጓድ ውኃ፣ ከሻጭ የሚገዛ፣ ሌላ። ሞዪው መጀመሪያ የግቢ ቧንቧ ላይ ራይት አደረገ፤ ተሳስቶ ነበርና ደፈነውና ቦኖ ላይ ራይት አደረገ። ልኬቱ በቅደም ተከተል 78፣ 17፣ 1፣ 2፣ 1 በመቶ ይመጣል። «ከ10 በመቶ በላይ የሆነ ሁሉ ተመርጧል» የሚለው ሕግ ሁለት መልስ ይሰጠናል። «በጣም የጠቆረው ተመርጧል» የሚለው ደግሞ የባሰ ነው፤ ሰውየው እምቢ ያለውን መልስ ለይቶ ያወጣልናል። መለኪያውን ወደ 15 ብናወጣው ወይም ወደ 5 ብናወርደው ይህ አይስተካከልም። የሚስተካከለው አምስቱን ሳጥኖች እንደ አንድ ጥያቄ ስናነባቸው ነው፦ አንድ ድፍን፣ አንድ ራይት፣ ሦስት ባዶ፤ ጥያቄው አንድ መልስ ብቻ ይፈቅዳል፤ ስለዚህ መልሱ ቦኖ ነው።

ድፍኑ ባለበት ቦታ ኤክስ ቢሆንስ? ልኬቱ 39 እና 17 ሆነ እንበል። እዚህ ጋ ከዚያ ጥያቄ ወጥቶ የሞዪውን እጅ ማየት ያስፈልጋል። በገጹ ላይ ያሉትን ሌሎች ጥያቄዎች ሁሉ በራይት ከመለሰ፣ ይህ አንዱ ኤክስ ስረዛ ነው ብሎ መያዝ ምክንያታዊ ነው። አንዱን በኤክስ ሌላውን በራይት እየቀያየረ የሚሞላ ከሆነ ግን ሁለት መልስ ሰጥቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ጥያቄው ለሰው ዓይን መቅረብ አለበት። በዚህ ሥራ ከምናውቃቸው ማስረጃዎች በብዛት የሚባክነው ይህ የሞዪው ልማድ ነው። ቅጹን በሳጥን በሳጥን ቆራርጦ የሚያነብ ፕሮግራም የአንድን ሰው ልማድ የሚያይበት መንገድ ራሱ የለውም።

ማክበብ የራሱ ጣጣ አለው። በ2003 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የወረቀት መጠይቅ ነበረው፤ ጠያቂዋ ከመልሱ አጠገብ የታተመውን ኮድ ታከብባለች። እንዲህ ባሉ ጥናቶች ደንቡ ግልጽ ነው፦ የተሳሳተው ኮድ በመስመር ይሰረዛል፣ ትክክለኛው ይከበባል፤ አንድ መልስ ብቻ የሚፈቀድበት በቁጥር፣ ብዙ መልስ የሚፈቀድበት በፊደል ይታተማል። ይህ ደንብ ለአንባቢው ትልቅ ስጦታ ነው፤ የኮዱ ዓይነት ራሱ ስንት ክብ መጠበቅ እንዳለብን ይነግረናልና። ችግሩ ክቡ ከኮዱ መስፋቱ ነው። ኮዶቹ በ5 ወይም 6 ሚሊሜትር ርቀት ተደርድረው በፍጥነት የተከበበ «2» የ«1»ን ግርጌና የ«3»ን አናት ይነካል። በእያንዳንዱ ኮድ ዙሪያ ያለውን ቀለም ብቻ የሚለካ ዘዴ ሦስቱም ተከበቡ ሊል ይችላል። የተሻለው መንገድ የባዶውን ቅጽ ምስል ከተሞላው ላይ ቀንሶ የእጁን ቀለም ብቻ ማስቀረት፣ ከዚያ ተያይዞ የሚገኘውን ጭረት እንደ አንድ ነገር መውሰድ፣ በመጨረሻም የየትኛው ኮድ መሐል በውስጡ እንደወደቀ መጠየቅ ነው። ክቡ ሳይገጥም ቢቀር፣ ብዙ ጊዜም አይገጥምም፣ የጭረቱን ውጫዊ ዙሪያ ገጥሞ እንደተዘጋ ቆጥሮ ያንኑ ጥያቄ ማንሳት ይቻላል። ከአንድ ኮድ በላይ መሐሉ ከገባ መገመት የለብንም።

ስረዛ ላይ ስንደርስ ደግሞ ከምልክቱ በፊት የወረቀቱ አቀማመጥ ይፈትነናል። «ወንድ/ሴት» በሚለው ላይ በፊደሉ ወገብ የሚያልፍ መስመር ስረዛ ነው፤ ከፊደሉ ሥር የሚያልፍ መስመር ግን ማስመር፣ ማለትም ምርጫ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 2 ሚሊሜትር አይሞላም። ወረቀቱ በስካነሩ ላይ በ1 ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል፣ 190 ሚሊሜትር በሚሆን የጽሑፍ ስፋት ላይ አንዱ ጫፍ ከሌላው 3.3 ሚሊሜትር ይወርዳል። የፊደሉን ቦታ ከባዶው ቅጽ ለሚወስድ ፕሮግራም ይህ መስመሩን ከፊደሉ ሥር አንሥቶ ወገቡ ላይ ለማሳረፍ ይበቃል፤ መልሱም ይገለበጣል። ማዘንበሉ ቢቃናም የፎቶ ኮፒ ነገር ይቀራል። ቅጹ ከዋናው ሳይሆን ከኮፒ ኮፒ ሲባዛ መጠኑ በትንሹ ይለወጣል፤ የ2 በመቶ መጥበብ በኤ4 ወረቀት ቁመት ላይ ወደ 6 ሚሊሜትር ይጠጋል፤ ከአንድ ሳጥን ይበልጣል። በዚህ ምክንያት አራቱን የገጽ ጥጎች አስተካክሎ መተው አይበቃም። እያንዳንዱን ጥያቄ በራሱ የታተመ ጽሑፍ ወይም በሳጥኖቹ ጠርዝ እንደገና ማሰለፍ ይገባል። የማሰለፍ ስህተት ሲደርስ በቀላሉ ይታወቃል፦ ከአንድ ቦታ የመጡ ቅጾች በገጹ ግርጌ ላይ በድንገት ባዶ መልስ ያበዛሉ።

ማህተምም መረሳት የለበትም። ወይን ጠጅ ወይም ሰማያዊ ክብ ማህተም ሳጥኖች ላይ ሲያርፍ በጥቁርና ነጭ ስካን ከእስክሪብቶ አይለይም። በቀለም ስካን ማድረግና የማህተሙን ክብ ቅርጽ አስቀድሞ ማግኘት ያግዛል፤ ማህተሙም እስክሪብቶውም ሰማያዊ ከሆኑ ግን እዚያ ያለውን ጥያቄ ለሰው ማስተላለፍ ይሻላል።

ይህን ሁሉ ከማድረግ ሁለት ዳታ ኢንኮደሮች ለየብቻ አስገብተው ቢነጻጸር አይሻልም ወይ የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ሁለት ጊዜ ማስገባት የጣት ስህተትን በመያዝ የታወቀ ዘዴ ነው፤ በትልልቅ ጥናቶችም ሲሠራበት ቆይቷል። ደካማው ጎኑ ሁለቱ ሰዎች ተመሳሳይ ልማድ ያላቸው መሆኑ ነው፤ ኤክስን ሁለቱም እንደ ምርጫ ካዩት ንጽጽሩ ምንም አያሳይም፣ መስማማታቸው ግን እውነት ይመስላል። ድካሙም ከባድ ነው። ስለዚህ የሰዎቹ ጊዜ ጥርት ባሉ ሳጥኖች ላይ ከሚያልቅ፣ አንባቢው ፕሮግራም ለይቶ ባስቀመጣቸው አጠራጣሪ ጥያቄዎች ላይ ቢውል ይመረጣል። ሌላው ተቃውሞ ወረቀት በታብሌት እየተተካ ነውና ይህ ጥረት አላፊ ነው ይላል። በ2008 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በእርግጥ ወደ ታብሌት ዞሯል። ነገር ግን ታብሌት ትናንት የተሞላውን ወረቀት አያነብም፤ ባለፉት ዓመታት የተከማቸው ማህደር ያለው በወረቀት ነው። ሦስተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ በብዙ ምሳሌ የሠለጠነ ሞዴል ምስሉን አይቶ መልሱን በአንድ ጊዜ ቢሰጥስ? ሊሰጥ ይችላል፤ በደንብም ሊሠራ ይችላል። ሲሳሳት ግን ጭረቱን አላየውም ወይስ አይቶ በተሳሳተ መንገድ ተረጎመው የሚለውን ለይተን ማወቅ አንችልም። የመጀመሪያው የሚታከመው በስካን ጥራት፣ ሁለተኛው በደንብ ነው። ሞዴሉን ጭረቱን «ባዶ፣ ራይት፣ ኤክስ፣ ድፍን፣ ክብ፣ መስመር» ብሎ እንዲለይ ብቻ ብንጠቀምበትና ትርጉሙን በግልጽ በተጻፈ ደንብ ብንሰጥ፣ የሁለቱንም ጥቅም እናገኛለን።

ጥራቱ ሲለካም ያው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። 60 ሳጥን ባለው ቅጽ ላይ 12ቱ ብቻ ምልክት ካላቸው፣ ሁሉንም ባዶ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም 80 በመቶ ትክክል ነው። ከመቶ ጥያቄ ሁለቱ የታረሙ ቢሆኑና ሁለቱንም ቢስት፣ አሁንም 98 በመቶ ትክክል ይባላል። መቆጠር ያለበት ጥያቄው ሙሉ በሙሉ በትክክል ተነበበ ወይ የሚለው ነው፤ እሱም ለራይቱ፣ ለክቡ፣ ለስረዛውና ለታረመው ለየብቻ። ለዚህ የሚወሰደው ናሙና በዘፈቀደ ብቻ ከተመረጠ የታረሙት እጅግ ጥቂት ስለሚሆኑ፣ ድፍንና ኤክስ የተገኘባቸውን ሆን ብሎ አብዝቶ መውሰድ ያሻል።

በመጨረሻው ሰንጠረዥ ላይ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሦስት ዓምድ እንዲኖር እመክራለሁ፦ የታዩት ጭረቶች፣ የተሰጠው መልስና መልሱ የተወሰነበት ደንብ። «አልተመለሰም» እና «ሊለይ አልቻለም» የተለያየ ኮድ ይኑራቸው፤ የመጀመሪያው ሞዪው ዝም ማለቱን፣ ሁለተኛው እኛ ማንበብ አለመቻላችንን የሚናገር ነውና ሲደባለቁ የሚጎዳው የቅጹ ባለቤት ነው። የኤክስ ደንባችን ነገ ስህተት ሆኖ ከተገኘም፣ ጭረቶቹ ተመዝግበው ስለሚገኙ ወረቀቶቹን እንደገና ከመደርደሪያ ማውረድ ሳያስፈልግ መልሱን ብቻ ከመጀመሪያው ዓምድ እንደገና ማውጣት ይቻላል።