እስከ ማክሰኞ ከምሽቱ 12 ሰዓት

የማርኬቲንግ ጥናት ከማስተምራቸው ተማሪዎች አንዷ የአሳይመንት ጊዜ እንዲራዘምላት የጻፈችልኝን ኢሜይል በእሷ ፈቃድ እዚህ አቀርበዋለሁ። ከስሟ በቀር የቀነስኩት ነገር የለም። የላከችው ማክሰኞ ግንቦት 12 ነው፤ ማስረከቢያው ደግሞ አርብ ግንቦት 15 ነበር። የኢሜይሉ ርዕስ «የማርኬቲንግ ጥናት አሳይመንት፦ እስከ ማክሰኞ ግንቦት 19 ጊዜ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ» ይላል። ገና ሳልከፍተው የትኛውን ሥራ እንደሚመለከትና ስንት ቀን እንደተጠየቅኩ አውቄያለሁ። ውስጡ ይኸው፦

«ጤና ይስጥልኝ መምህር፣

አርብ ግንቦት 15 የምናስረክበውን አሳይመንት እስከ ማክሰኞ ግንቦት 19፣ በፈረንጅ ሜይ 27፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ድረስ እንዳስረክብ እንዲፈቅዱልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ጥናቴ የታሸገ ሽሮ ከሱፐርማርኬት የሚገዙ ሰዎችን ከሰፈር ባልትና ቤት ከሚገዙት ጋር ያነጻጽራል። ከየቦታው 30 ሰው ለመጠየቅ አቅጄ የሱፐርማርኬቱን 30 ጨርሻለሁ። ከባልትና ቤቱ ያገኘሁት ግን 11 ብቻ ነው። እሑድ ማታ በባለሱቋ ቤተሰብ ሐዘን ስለደረሰ ሱቁ ተዘግቷል፤ ቅዳሜ ግንቦት 16 እንደሚከፈት ነግረውኛል። ባልትና ቤቱን ወደ መጨረሻው ሳምንት ያቆየሁት እኔ ነኝ፤ ያ የእኔ ጥፋት ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ቆሜ 11 ሰው አነጋግሬያለሁ። በመጪው ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ብቆም የቀሩትን 19 አገኛለሁ ብዬ አስባለሁ። እሑድ መረጃውን አስገብቼ፣ ሰኞ ትንተናውን ጽፌ፣ ማክሰኞ አስረክባለሁ። የሐሙስ ግንቦት 21ን የክፍል ገለጻ አይነካብኝም።

መግቢያውን፣ የጥናት ዘዴውን፣ መጠይቁንና የሱፐርማርኬቱን ውጤት አያይዣለሁ። ጊዜው የማይፈቀድ ከሆነ ንጽጽሩን አውጥቼ፣ ስለ ሱፐርማርኬቱ ገዢዎች ብቻ ጽፌ አርብ አስረክባለሁ። በመዘግየት የሚቀነስ ነጥብ ካለም እቀበላለሁ።

ስላስቸገርኩዎ ይቅርታ። ለሚያስተምሩን ትምህርትና ለሚያደርጉልን ድጋፍ ሁሉ እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ።»

ይህን ኢሜይል ደጋግሜ ያነበብኩት በጨዋነቱ ብቻ አይደለም። ጨዋ ኢሜይል ብዙ ይደርሰኛል። እዚህ የማረከኝ ቁጥሮቹ እርስ በርስ መያያዛቸው ነው። የጎደለው 19 ሰው ነው። በሦስት ሰዓት 11 ሰው ከተገኘ፣ 19 ሰው ለማግኘት ከአምስት ሰዓት ትንሽ ማለፍ ይበቃል፤ ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ከነመጠባበቂያው ይበቃታል። መረጃ ማስገቢያ አንድ ቀን፣ መጻፊያ አንድ ቀን፣ ከዚያ ማክሰኞ ይመጣል። አራት ቀን የጠየቀችው አራት ቀን የሚፈጅ ሥራ ስለቀራት ነው። ብዙ ተማሪ «አንድ ሳምንት ቢጨመርልኝ» ብሎ ይጽፋል፤ ያ አንድ ሳምንት ከየት እንደመጣ ግን አይታወቅም፤ መምህሩም ለምን ሦስት ቀን እንዳልሆነ የሚያይበት ነገር የለውም። እሷ ግን ስሌቱን ወረቀቱ ላይ ትታልኛለች። ብፈልግ ላጣራው እችላለሁ፤ አጣርቼውም ትክክል ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ምክንያቷም ከጥናቱ ውስጥ የወጣ ነው። 30 ከአንድ ወገን፣ 11 ከሌላ ወገን ይዞ ማነጻጸር ለምን እንደማይሆን ለማርኬቲንግ መምህር ማስረዳት አያስፈልግም፤ እሷም አላስረዳችም፤ ያንን መተዋም ደግ ነው። ለአንባቢ ግን ልንገር። ከ30 ሰው አንዱ መልሱን ቢቀይር ውጤቱ በ3 ከመቶ አካባቢ ይንቀሳቀሳል። ከ11 ሰው አንዱ ቢቀይር ግን 9 ከመቶ ይዞ ይሄዳል። «የባልትና ቤት ደንበኞች ከምርቱ ስም ይልቅ የባለሱቋን ቃል ያምናሉ» የሚል ድምዳሜ በአንድ ሴትዮ የጠዋት ስሜት ላይ ሊቆም ነው ማለት ነው። ሠላሳውም ቢሆን ስለ ከተማው ሽሮ ገዢ ሁሉ አያናግርም። ለክፍል ሥራ፣ ሁለት ደጃፎችን ጎን ለጎን አድርጎ ለማየት ግን ይበቃል።

ኢሜይሉ የማይናገረው አንድ ነገር አለ፤ እኔ ግን በመስመሮቹ መካከል አየዋለሁ። የ19 ሰው መጠይቅ በአንድ ማታ ዶርም ውስጥ ይሞላል። ፎርሙን ለጓደኞች ማደል ነው፤ ሽሮ የማይበላ ተማሪ የለም። ይህ በየዓመቱ ይደረጋል፤ በየዓመቱም ይታወቃል። በመጠይቆቻችን ውስጥ አንድን ሐሳብ በተቃራኒ አቅጣጫ ደግሞ የሚጠይቅ ዓረፍተ ነገር እንዲኖር አደርጋለሁ። የእሷ መጠይቅ ላይ አራተኛው «የታሸገ ሽሮ ሳልጠራጠር እገዛለሁ» ይላል፤ አሥራ አንደኛው ደግሞ «የታሸገ ሽሮ ምን እንደተቀላቀለበት ስለማላውቅ እጠራጠራለሁ»። ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚመልስ ገዢ በአንዱ ከተስማማ በሌላው አይስማማም። ችኮላ ላይ ያለ የዶርም ጓደኛ ግን «እስማማለሁ» የሚለውን ከላይ እስከ ታች ቀጥ አድርጎ ምልክት ያደርግበታል፤ ሁለቱም ጥያቄዎች አንድ ዓይነት መልስ ይዘው ይመጣሉ። ተማሪዋ ከእውነተኛ ገዢዎች 19 ፎርም ለማግኘት ስትል ነጥብ ሊቀነስባት እንደሚችል እያወቀች ጊዜ ጠየቀች። «ሐቀኛ ነኝ» የሚል ቃል ኢሜይሉ ውስጥ የትም የለም፤ ጥያቄው ራሱ ያንን ይዟል።

ስለ ሐዘኑ የጻፈችበትን መንገድ ደግሞ ልብ በሉልኝ። «በባለሱቋ ቤተሰብ ሐዘን ስለደረሰ ሱቁ ተዘግቷል» ብላ አለፈች። ማን እንደሞተ፣ በምን እንደሞተ፣ ባለሱቋ እንዴት እንደሆነች አልነገረችኝም። ያ የሰው ቤት ለቅሶ ነው፤ ለአሳይመንት ማስረጃ ሆኖ መቅረብ የለበትም። እኔም ለመወሰን የሚያስፈልገኝ ሱቁ መቼ ተዘጋ፣ መቼስ ይከፈታል የሚለው ብቻ ነበር፤ ሁለቱንም ከነቀናቸው አገኘሁ። ብዙ ተማሪዎች እዚህ ላይ ነው የሚሳሳቱት፤ ባወሩት መጠን የሚታመኑ ይመስላቸዋል። የሕክምና ወረቀት ፎቶ፣ የአጎት የስኳር በሽታ፣ የአክስት ቀዶ ጥገና ተደርድሮ ይመጣል፤ እነዚያ ነገሮች የትኛውን የሥራ ቀን እንደወሰዱ ግን ሳይነገር ይቀራል።

ቀጥሎ ደግሞ «ወደ መጨረሻው ሳምንት ያቆየሁት እኔ ነኝ» ትላለች። ቦታውን አስተውሉ። ከሐዘኑ ወዲያው በኋላ፣ ከእቅዱ በፊት ነው። መጀመሪያ ላይ ቢመጣ ኑዛዜ ይመስል ነበር፤ መጨረሻ ላይ ቢሆን ደግሞ ተገፍታ የተናገረችው ይመስል ነበር። እዚህ መሐል ሲቀመጥ እኔ ልጠይቅ የነበረውን ጥያቄ፣ ማለትም «እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» የሚለውን፣ አፌ ላይ ሳይደርስ መልሶታል።

ስለ ቀንና ሰዓት አጻጻፏ ብዙ ማለት ይቻላል። እኛ አገር ሁለት አቆጣጠርና ሁለት ሰዓት ይዘን ስለምንኖር «እስከ 27» የሚል ኢሜይል ስንት ጭቅጭቅ እንዳመጣ የሚያውቅ ያውቃል። የማስረከቢያው ገጽ ላይ 23:59 ተብሎ የሚታየው በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 5፡59 ነው፤ አንዳንዱ ይህን ሳያስተውል ቀርቶ ገጹ ይዘጋበታል። እሷ የቀኑን ስም፣ የእኛን ቁጥርና የፈረንጁን አንድ ላይ አስቀመጠች። ከሦስቱ አንዱ ቢሳሳት ሌሎቹ ያጋልጡታል። ሰዓቱንም «ከምሽቱ» ብላ ለየችው። 12 ሰዓት መምረጧም ለእኔ ጥሩ ነው፤ እኩለ ሌሊት ላይ ኢሜይል ከመጠበቅ አድኖኛል።

እምቢ ለማለት የተወችልኝ መንገድ ግን ከሁሉም በላይ የወደድኩት ነው። «ጊዜው የማይፈቀድ ከሆነ ንጽጽሩን አውጥቼ… አርብ አስረክባለሁ» ስትል ሁለት ነገር አድርጋለች። አንደኛ፣ እምቢ ብላት ሥራው እንደማይጠፋ አረጋገጠችልኝ፤ ስለዚህ ውሳኔዬ በእዝነት ላይ መመሥረት አላስፈለገውም። ሁለተኛ፣ አራቱ ቀናት ምን እንደሚገዙልኝ በአንድ ዓረፍተ ነገር አሳየችኝ፤ አርብ ቢሆን የአንድ ወገን መግለጫ አገኛለሁ፣ ማክሰኞ ቢሆን የሁለት ወገን ንጽጽር። ለሌሎቹ ተማሪዎች ፍትሐዊ መሆን አለብኝ፤ እሱንም በነጥብ ቅነሳው አስባበታለች። የተያያዘው ፋይል ደግሞ የቃሏ ምስክር ነበር። የሱፐርማርኬቱ ሰንጠረዥ ላይ 30 ረድፍ አለ፤ ቆጥሬዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አወጣ ነበር፤ የመጨረሻውን ረጅም ምስጋና። «ለሚያደርጉልን ድጋፍ ሁሉ» የሚለው ከላይ ካለው ንጹሕ ሥራ ጋር አይሄድም፤ ውሳኔ ከሚጠበቅበት ሰው ፊት የቀረበ ውዳሴ ሁልጊዜ ትንሽ ይከብዳል። «ስለሚሰጡኝ መልስ አመሰግናለሁ» ቢል በቂ ነበር። ይቅርታን አንድ ጊዜ ብቻ መጠየቋ ግን ልክ ነው።

መልሴ አጭር ሆነ፤ እሷ አሳጠረችልኝ። «ማክሰኞ ግንቦት 19 ከምሽቱ 12 ሰዓት ተፈቅዷል። ጥያቄው ከማስረከቢያው ቀን በፊት ስለቀረበና የተሠራው ክፍል ስለደረሰኝ ነጥብ አይቀነስም» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ነገር ብቻ ጨመርኩበት፦ ያለፈው ቅዳሜ አሥራ አንዱ ሰዎች ሁሉም ጠዋት የመጡ ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ሲመለስ ጎራ የሚል ገዢ ሌላ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በመጪው ቅዳሜ በእያንዳንዱ ፎርም ጥግ ላይ ሰዓቱን እንድትጽፍ፣ ከ19ኙም ቢያንስ ግማሹን ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ እንድትጠይቅ ነገርኳት።