ቅጣት ይነሳልኝ የሚል ደብዳቤ

ባንክ ቤት፣ ብድር ክትትል ክፍል ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ከሚቆለሉት ማመልከቻዎች ውስጥ «ደመወዝ ስለዘገየብኝ የወር ክፍያዬን በቀኑ አልከፈልኩም፤ ቅጣቱ ይነሳልኝ» የሚለው አይጠፋም ነበር። ሥራውን ከለቀቅኩ ወዲህ ደግሞ ጎረቤቱም ዘመዱም ያንኑ ደብዳቤ ጻፍልኝ እያለ ይመጣል። ማንበቡንም መጻፉንም ስለማውቀው፣ አብዛኛው ሰው የሚስተው አንድ ነገር እንዳለ አይቻለሁ፤ ደብዳቤውን ማን እንደሚያነበው አያውቅም።

አመልካቹ ሲጽፍ ከፊቱ የሚታየው የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ነው። ስለዚህ የሥራ አስኪያጁን ልብ ለማራራት ይደክማል። እውነቱን ለመናገር ሥራ አስኪያጁ ብዙ ጊዜ ያለ ደብዳቤም ይራራል። ግን ቅጣት አንዴ ከተመዘገበ በኋላ የባንኩ ገቢ ነው። ገቢ ሲሰረዝ ደግሞ ከወራት በኋላ ኦዲተር ፋይሉን ገልጦ «ይህ ለምን ተነሳ?» ማለቱ አይቀርም። ሥራ አስኪያጁ ያን ጊዜ የሚያሳየው ወረቀት የእርስዎን ማመልከቻ ነው። የደብዳቤው እውነተኛ አንባቢ እንግዲህ እርስዎን አይቶ የማያውቀው፣ ችግርዎን ያልሰማው፣ ቀንና ቁጥር ብቻ የሚያመሳክረው ኦዲተር ነው።

በ2017 ዓ.ም. የካቲት ላይ አንዲት የግል ትምህርት ቤት መምህርት፣ የሰፈር ልጅ ናት፣ የጻፈችውን ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ እስኪ ይቺን አንዴ ይዩልኝ» አለችኝ። አንድ ገጽ ከግማሽ ነው። የከበረ ሰላምታ ይቀድማል፤ ከዚያ የእናቷ ሕመም፣ የቤት ኪራይ መጨመር፣ ትምህርት ቤቱ ከወላጆች ክፍያ በጊዜው አለመሰብሰቡ ይቀጥላል። መጨረሻ ላይ «ባንኩ ችግሬን ተረድቶ አስፈላጊውን ትብብር እንዲያደርግልኝ» ይላል። ሁሉም እውነት ነው። የቅጣቱ መጠን ግን የለም። የከፈለችበት ቀንም የለም።

«ቅጣቱ ስንት ነው?» አልኳት።

«እኔ እንጃ ጋሼ፣ ወደ ሦስት መቶ ብር ተቆርጦብኛል።»

«ተቆርጧል ወይስ ገና ሊቆረጥ ነው?»

አላወቀችም። የብድር ሂሳቧን መግለጫ ከቅርንጫፉ አስወጥታ እንድትመለስ ነገርኳት፤ ያለ እሱ ደብዳቤው አይጻፍም። ቅጣቱ ገና ተመዝግቦ የቆመ ከሆነ የሚጠየቀው «ይነሳልኝ» ተብሎ ነው። ከሂሳብ ላይ ከተወሰደ ግን የሚነሳ ነገር የለም፤ «ይመለስልኝ» መባል አለበት። ባንኩ ውስጥ ሁለቱ የሚሠሩት በተለያየ የሂሳብ ምዝገባ ነው፤ የተሳሳተውን የጠየቀ ደብዳቤ ባዶውን ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ይከርማል።

መግለጫው ሲመጣ ነገሩ ግልጽ ሆነ። የወር ክፍያዋ 5,200 ብር ነው፤ መክፈያው ጥር 30 ነበር። ደመወዟ የገባው የካቲት 14 ሲሆን በዚያኑ ዕለት 5,200 ብር አስገብታለች። ውሏ በዘገየ ክፍያ ላይ 5 በመቶ ቅጣት ይላል፤ ያ 260 ብር ነው። ከዚያ ሌላ የ14 ቀን ወለድ አለ። ያልተከፈለው ዋና ብድሯ 84,000 ብር፣ ወለዱ በዓመት 16 በመቶ ስለነበር፣ ከወር ክፍያዋ ውስጥ 1,120 ብሩ ወለድ፣ 4,080 ብሩ የዋናው ብድር ድርሻ ነው። ይህ 4,080 ብር 14 ቀን እጇ ላይ ስለቆየ 25 ብር ገደማ ወለድ ወለደ። «ወደ ሦስት መቶ» ያለችው እንግዲህ የሁለት ነገሮች ድምር ነው፤ 260 ቅጣት፣ 25 ወለድ፣ በጠቅላላው 285 ብር።

ሁለቱን መለየት ግድ ነው። ወለዱ ገንዘቡ እጅዎ ላይ የቆየበት ዋጋ ነው፤ ቅርንጫፍ ያንን ለመተው ብዙ ጊዜ ሥልጣን የለውም፤ ቢጠየቅም ፋይሉ ወደ ላይ ይሄድና እዚያው ይተኛል። ቅጣቱ ግን ሥራ አስኪያጁ በተሰጠው ገደብ ውስጥ ሊወስንበት የሚችል ነገር ነው። «285 ብሩ በሙሉ ይመለስልኝ» ያለ ሰው ለ25 ብር ሲል 260ውን ያጓትታል። የእርስዎ ውል ቅጣቱን በሌላ መንገድ ሊያሰላው ይችላል፤ አንዳንዱ በዘገየው ገንዘብ ላይ ተጨማሪ የዓመት ወለድ ያስባል። የቅጣቱን አንቀጽ ከውሉ ላይ ማንበብ ነው።

መግለጫው ሌላም ነገር ገለጠ። የባንኩ ሲስተም ገንዘብ ሲገባ አስቀድሞ ቅጣቱን፣ ቀጥሎ ወለዱን፣ በመጨረሻ ዋናውን ይወስዳል። ስለዚህ 5,200 ብር ስታስገባ 285ቱ ወደዚያ ሄዶ የጥር ክፍያዋ 285 ብር ጎደለ። እሷ ከፍላ የጨረሰች መስሏት ተቀምጣለች፤ ሲስተሙ ላይ ግን አሁንም ዘግይታለች፤ ቀኑም ከጥር 30 ጀምሮ መቆጠሩን አላቆመም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ባንኮች ብድርን የሚመድቡት በመዘግየቱ ቀናት ብዛት ነውና። 30 ቀን ያልሞላው ከጤነኛው ይቆጠራል፤ 30 ቀን ሲሞላ ልዩ ክትትል ወደሚያስፈልገው ይዛወራል፤ 90 ሲሞላ ከተበላሸ ብድር ተርታ ይገባል። በ285 ብር ጉድለት ስሟ በክትትል ዝርዝር ውስጥ ሊሰፍር ሁለት ሳምንት እንኳ አልቀረም ነበር። በማግስቱ ጉድለቱን እንድትሞላ አደረግኩ። ዕዳ እየተቆጠረበት ምሕረት የሚጠይቅ ደብዳቤ መጀመሪያውኑ ደካማ ነው።

ከዚያ በኋላ የተጻፈው ይህ ነው፦

ቀን፦ የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጉዳዩ፦ የዘገየ ክፍያ ቅጣት 260 ብር እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ
በብድር ሂሳቤ ላይ ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩወሪ 7 ቀን 2025) መክፈል የነበረብኝን 5,200 ብር የከፈልኩት የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩወሪ 21 ቀን 2025) ሲሆን 14 ቀን ዘግይቻለሁ። የዘገየሁት አሠሪዬ የጥር ወር ደመወዜን የከፈለኝ በዚያው የካቲት 14 ቀን በመሆኑ ነው። ከዚህ በፊት በነበሩት 16 ወራት ዘግይቼ አላውቅም። በቅጣቱና በወለዱ ምክንያት የጎደለውን 285 ብር የካቲት 18 ቀን ገቢ ስላደረግሁ አሁን ጊዜው ያለፈበት ክፍያ የለብኝም። ስለሆነም ከሂሳቤ የተወሰደው ቅጣት 260 ብር እንዲመለስልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ለዘገየሁባቸው ቀናት የታሰበውን ወለድ በሚመለከት ጥያቄ የለኝም።

ከዚህ በታች ስሟ፣ ፊርማዋ፣ የብድር ሂሳብ ቁጥሯ፣ ስልኳና የአባሪዎቹ ዝርዝር ብቻ ነው ያለው። እናቷ የሉበትም፤ ኪራዩም የለም። ደብዳቤው ደረቅ ነው ብላ ቅር ብሏት ነበር። ግን የብድር ሠራተኛው ለሥራ አስኪያጁ ማስታወሻ ሲያዘጋጅ ከማመልከቻው ላይ መገልበጥ የሚችለው እንዲህ ያለውን ነው። እሱ ቆፍሮ ማውጣት ያለበትን ቁጥር እርስዎ ካቀረቡለት ሥራው በሩብ ሰዓት ያልቃል፤ ካላቀረቡለት ማመልከቻዎ ከሥር ይገባል።

ቀኑን በሁለት አቆጣጠር መጻፍ ትርፍ ነገር አይምሰልዎ። ትምህርት ቤቱ ደመወዝ የሚከፍለው በእኛ ወር ነው፤ የባንኩ ሲስተምና የክፍያ ሰሌዳው ግን በፈረንጅ ቀን ነው የሚሄዱት። «የካቲት 14» ያለን ሰው በሰሌዳው ላይ ከፌብሩወሪ 14 ጋር ያመሳከረ ሠራተኛ ገጥሞኛል፤ አመልካቹ በአንድ ሳምንት የዋሸ መስሎ ታየ።

የደብዳቤው ጉልበት ግን ደመወዙ የገባበትና የተከፈለበት ቀን አንድ መሆኑ ላይ ነው። ደመወዝ የካቲት 14 ገብቶ ክፍያው የካቲት 20 ቢሆን ኖሮ፣ ኦዲተሩ የስድስቱን ቀን ነገር ይጠይቅ ነበር፤ አሠሪውም መልስ አይሆንም። እንዲህ ካጋጠመዎ ስድስቱን ቀን አይደብቁ፤ ለምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስቀምጡት።

ማስረጃው ላይ መምህርቷ ተቸግራ ነበር። የትምህርት ቤቱ ሒሳብ ሹም «ደመወዝ አዘግይተናል» ብሎ መጻፍ ፈራ፤ አይፈረድበትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው ሲጠይቅ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማረጋገጫ በነፃ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ስለዚህ ያንን ብቻ እንዲጽፍላት ጠየቀች፤ ሰጣት። የመዘግየቱን ነገር ደግሞ የደመወዝ ሂሳቧ መግለጫ ተናገረ። የአራት ወሩን አስወጣች፤ በሦስቱ ወር ደመወዙ ከወሩ ማለቂያ በፊት ገብቷል፤ በአራተኛው የካቲት 14 ነው። አራቱን መስመሮች በስክሪብቶ አሰመረችባቸው። ማንም ከሚጽፍላት ደብዳቤ ይልቅ ይህ ወረቀት ያሳምናል፤ የተለመደውንም የተለየውንም ጎን ለጎን ያሳያልና።

«ጋሼ፣ በዚያው የመክፈያ ቀኔን ወደ ወሩ አጋማሽ ያዙሩልኝ ብል?» ብላኝ ነበር። በዚህ ደብዳቤ አይሆንም። ቅጣት መመለስ የቅርንጫፍ ውሳኔ ነው፤ የመክፈያ ቀን መለወጥ ግን ውል ማሻሻል ነው፤ ዋሶቿም እንደገና መፈረም ሊኖርባቸው ይችላል። ሁለቱ አንድ ወረቀት ላይ ከሰፈሩ ቀላሉ ከባዱን እየጠበቀ ይከርማል።

ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ይዛ ሄዳ በመዝገብ ቤት ገቢ አስደረገች፤ የመዝገብ ቁጥሩንም በቀሪዋ ላይ አስጻፈች። በእጅ ለሠራተኛው ተሰጥቶ የቀረ ደብዳቤ፣ ሠራተኛው ሲዛወር አብሮት ይጠፋል። ከሳምንት በኋላ ቁጥሩን ጠቅሳ ጠየቀች፤ በመጋቢት መጀመሪያ 260 ብሩ ሂሳቧ ውስጥ ገባ።

ይህ ደብዳቤ ግን ለአንድ ሰው ሁለተኛ ጊዜ እምብዛም አይሠራም፤ «ዘግይቼ አላውቅም» የሚለው መስመር ከእንግዲህ የለማ። ደመወዝዎ መዘግየቱ ልማድ ከሆነ ቅጣት ይነሳልኝ እያሉ አይመላለሱ። ቀኑ ሳይደርስ፣ ዕዳም ሳይቆጠርብዎ፣ የመክፈያ ቀን ማሻሻያውን ለብቻው ይጠይቁ።